የ3 ወር የማኅበራዊ ሚዲያ ዕቅድ ለአንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም

አንድ የሰፈር ንባብ ቤት የሚያስተዳድር ማኅበር እንውሰድ። ሁለት ክፍል ተከራይቶ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እንዲያነቡ፣ የቤት ሥራ እንዲሠሩ ያደርጋል። ደመወዝ የምታገኘው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ናት፤ ሌላው ሁሉ በጎ ፈቃደኛ ነው። የፌስቡክ ገጽ፣ የቴሌግራም ቻናልና የቲክቶክ አካውንት አለው። ገጾቹን የሚይዘው ልጅ ሌላ ሥራ ስላለው በሳምንት ከ5 ሰዓት በላይ ሊሰጥ አይችልም።

እንዲህ ካሉ ማኅበራት ጋር ተቀምጬ ዕቅድ ሳወጣ ቆይቻለሁ። የሚገጥመኝ ችግር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ፖስት ይደረጋል፣ ላይክ ይመጣል፣ ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ግን ብር የለም። ሰዎቹ ሰነፍ ሆነው ሳይሆን ዕቅዳቸው «ዛሬ ምን እንለጥፍ?» ከሚለው ጥያቄ ስለሚጀምር ነው። እዚህ የማሳየው ዕቅድ ከሌላው ጫፍ፣ ከወር ወጪው ይነሣል። ስሌቱ እንዲታይ የምጠቀማቸው የብርና የሰው ቁጥሮች ለማሳያ የያዝኳቸው ናቸው፤ በየቦታቸው የራሳችሁን ተኩባቸው።

አንደኛ፦ ግቡን ከወር ወጪ አውጡት

«ማኅበራችንን ማስተዋወቅ» ግብ አይደለም፤ መቼ እንደተሳካ የሚያውቅ የለምና። የገንዘብ ያዡን ደብተር አምጡና አብራችሁ ተቀመጡ።

የንባብ ቤታችን የወር ወጪ 18,000 ብር ነው እንበል። 9,000 ለኪራይ፣ 6,000 ለኃላፊዋ፣ ቀሪው 3,000 ለመብራት፣ ለደብተርና ለጥቃቅን ነገር። አሁን 40 ሰዎች በወር 200 ብር ያዋጣሉ፤ 8,000 ብር ማለት ነው። የጎደለው 10,000 ብር እስካሁን የተሸፈነው አንድ ጊዜ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው፤ እሱ ደግሞ እያለቀ ነው።

10,000 ብሩን በአንድ ዓይነት ሰው ለመሙላት ብንሞክር 50 አዲስ አዋጪ እንፈልጋለን። በሁለት ብንከፍለው ግን ነገሩ ይቀላል፦ እዚሁ አገር ያሉ 30 ሰዎች በ200 ብር 6,000፣ ውጭ አገር ያሉ 4 ቤተሰቦች በወር 1,000 ብር በሚሆን ገንዘብ 4,000። ስለዚህ ግባችን «እስከ መስከረም 30 ድረስ 30 አዲስ የአገር ውስጥ አዋጪና 4 የውጭ አገር ቤተሰብ» ይሆናል። በአንድ መስመር ጻፉትና ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ መስመር ጋር እየተመሳከረ ነው የሚወሰነው።

አሁን ግቡን ወደ ሳምንት አውርዱት። ወርሃዊ አዋጪ የሚሆን ሰው ፖስት አይቶ ወዲያው ብር አይልክም፤ መጀመሪያ በውስጥ መስመር ይጠይቃል። «የት ነው ቦታው?»፣ «በማን ስም ነው የሚገባው?»፣ «ማቋረጥ ይቻላል?» ይላል። ከሚጠይቁት ከ3 አንዱ ይመዘገባል ብለን እንነሣ። 30 ሰው ለማግኘት 90 ጠያቂ ያስፈልገናል ማለት ነው። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ ከ13 ሳምንት ትንሽ ይበልጣል። በሳምንት 7 ጠያቂ ይደርሰናል።

ይህ «7» የዕቅዱ ዋና ቁጥር ነው። «ከ3 አንዱ» የሚለው ግምት ነው፤ አራት ሳምንት ከሠራችሁ በኋላ በእውነተኛው ቁጥራችሁ ተኩት። ከ5 አንዱ ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ የሚያስፈልጉት 150 ጠያቂዎች ናቸው። ያኔ ወይ ግቡን ትቀንሳላችሁ፣ ወይ መልስ አሰጣጣችሁን ታስተካክላላችሁ። በሐምሌ መጨረሻ ማወቁ በመስከረም መጨረሻ ከመደንገጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ለማን ነው የምትናገሩት?

ሰውን በዕድሜና በፆታ መከፋፈል ለትንሽ ማኅበር ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው «ከዚህ ሰው የምንፈልገው አንድ ድርጊት ምንድን ነው? እንዳያደርገው የሚይዘውስ ምንድን ነው?» ብሎ መክፈል ነው።

በንባብ ቤቱ ዕቅድ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ደመወዝተኛ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ የሚኖሩት እዚያው ከተማ ነው፤ አንዳንዶቹም ሰፈሩ ውስጥ ያደጉ ናቸው። የምንፈልግባቸው ድርጊት በውስጥ መስመር «እኔ» ብለው እንዲጽፉ ነው። የሚይዛቸው 200 ብሩ አይደለም፤ ጥርጣሬ ነው። በሐሰተኛ የእርዳታ ጥሪ የተታለለ ሰው ያላወቀ ጥቂት ነው። እነዚህ ሰዎች ቴሌግራም ላይ አሉ፣ ቲክቶክም ያያሉ።

ሁለተኛዎቹ ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ናቸው፤ በብዛት ፌስቡክ ላይ ይገኛሉ። የሚፈልጉት «ይህ ቦታ በእውነት አለ፣ የማውቀው ሰውም ይመሰክርለታል» የሚል ማረጋገጫ ነው። አላላኩም ያስቸግራቸዋል። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ የባንክ ሂሳብ ስለማይከፍል ገጹን እዚያው የሚኖር ሰው መክፈት ይኖርበታል፤ ያ ሰው ማን እንደሆነና ከማኅበሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው በግልጽ ይጻፍ። አሜሪካ ያለ ሰው ደግሞ ስጦታው ከግብር እንዲቀነስለት ከፈለገ በመሠረቱ እዚያ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት መስጠት አለበት። ይህን ሳይጠየቅ በፊት መንገር መተማመንን ይጨምራል።

ሦስተኛዎቹ ወላጆች ናቸው፤ እዚህ ላይ ከብዙዎች ጋር አልስማማም። ወላጆችን የሚያመጣቸው ፖስት ሳይሆን ልጆቹ ራሳቸው፣ ትምህርት ቤቱና ዕድሩ ናቸው። ስለዚህ ለወላጆች የተለየ ፖስት አታዘጋጁ፤ ያላችሁ 5 ሰዓት ብቻ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፖስት ወላጅ እንደሚያየው ሆኖ ይጻፍ። «ምንም የሌላቸው ልጆች» ብላችሁ የለጠፋችሁትን ፎቶ የልጁ እናት ጎረቤት ስልክ ላይ ታየዋለች፤ ልጁም መስከረም ላይ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ይጋፈጠዋል።

ስለዚህ ፎቶን በተመለከተ ሕግ አውጡ። ልጅ ሲቀበል፣ ሲያለቅስ ወይም ሲለምን አይነሣ። ፊቱ የሚታይ ከሆነ ወላጅ የፈረመበት ፈቃድ ይኑር፤ ፈቃዱም ፎቶው የት እንደሚለጠፍ፣ ወላጁ ሐሳቡን ቢቀይር እንደሚወርድ ይግለጽ። ፎቶ የግል መረጃ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፈቃድ ከሌለ የልጁን እጅና የሚያነበውን መጽሐፍ፣ ከጀርባ የተነሣ የተሞላ ክፍል፣ የተደረደሩ ጫማዎች አሳዩ። እኔ እንዳየሁት በር ላይ የተደረደሩ 40 ጥንድ የልጅ ጫማዎች ከማንኛውም የሚያሳዝን ፊት በላይ ይናገራሉ።

ሦስተኛ፦ ገጹን ለሚጠራጠር ሰው አዘጋጁት

ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። በሦስቱም ገጾች አናት ላይ አንድ ፖስት ሰክታችሁ አስቀምጡ። በውስጡ የማኅበሩ ሙሉ ስም፣ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያገኘው የምዝገባ ቁጥር፣ ሰው መጥቶ የሚያይበት አድራሻና ሰዓት፣ እንዲሁም የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ ይኑር። ከሂሳብ ቁጥሩ ቀጥሎ «ሲልኩ የሚታይዎት ስም ይህ ነው» ብላችሁ የሂሳቡን ስም ልክ ባንኩ እንደሚያሳየው አድርጋችሁ ጻፉ። በሥራ አስኪያጁ የግል ሂሳብ መሰብሰብ ለጊዜው የሚቀል ይመስላል፤ ግን አንድ ሰው «ይሄ የማን ስም ነው?» ብሎ ኮመንት የጻፈ ቀን የሁለት ወር ልፋት ይፈርሳል።

ስማችሁንና ፎቶአችሁን ገልብጦ ሐሰተኛ ገጽ የሚከፍት ሊኖር ይችላል። በየወሩ መጀመሪያ የማኅበሩን ስም በየመድረኩ ፈልጉ። ካገኛችሁ ለመድረኩ ሪፖርት አድርጉ፤ በራሳችሁ ገጽም «እውነተኛው ሂሳብ ይህ ብቻ ነው» ብላችሁ አሳውቁ።

አራተኛ፦ ሁለት ፖስት በሳምንት፣ ሦስት ዓይነት ይዘት

በየቀኑ መለጠፍ አለብን የሚለውን ተዉት። አንድ ጥሩ ፖስት ለማንሣት፣ ለመጻፍና ስሙንና ቁጥሩን ለማረጋገጥ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ሁለቱ 3 ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ለሚጠይቁ ሰዎች መልስ፣ ግማሽ ሰዓት ለቁጥር ምዝገባ ይሂድ። 5 ሰዓቱ አለቀ። ሦስተኛ ፖስት የምትጨምሩት ከመልስ ሰዓት ቀንሳችሁ ነው፤ አዋጪ የሚገኘው ደግሞ በመልሱ ሰዓት ነው።

በወር 8 ፖስት ይወጣል ማለት ነው። አራቱ የሥራ ቀን ይሁኑ፦ ዛሬ ምን ተነበበ፣ የትኛው መጽሐፍ ተቀዳደደ፣ ኃላፊዋ በሩን ስትከፍት ስንት ልጅ ጠበቃት። ሁለቱ የብር ጉዳይ ይሁኑ፦ ባለፈው ወር ስንት ገባ፣ በምን ወጣ፣ ደረሰኙስ የታል። ሁለቱ ብቻ ጥያቄ ይሁኑ። ብዙ ማኅበራት የብር ጉዳዩን ይተዉታል፤ «ማን ያነበዋል?» ይላሉ። አዎ፣ ብዙ ሰው አያነበውም። የሚያነበው ግን ልክ እኛ የምንፈልገው፣ ለመስጠት አስቦ የተጠራጠረው ሰው ነው።

የጥያቄ ፖስት እንዴት እንደሚጻፍ ላሳይ። ብዙ ጊዜ የማየው ይህን ይመስላል፦ «ውድ የአገራችን ልጆች፣ ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢዎች ናቸው። የበኩላችሁን አስተዋጽኦ በማድረግ ከጎናችን እንድትቆሙ በአክብሮት እንጠይቃለን።» ይህን ያነበበ ሰው ይስማማል፣ ላይክ ያደርጋል፣ ያልፋል። ምን እንደሚያደርግ አልተነገረውም።

አሁን ይህን አንብቡ፦

«ንባብ ቤታችን በወር 18,000 ብር ያስወጣል። 8,000ውን 40 ሰዎች በወር 200፣ 200 ብር እያዋጡ ችለውታል። ሌሎች 30 ሰዎች እንፈልጋለን። ከ30ዎቹ አንዱ ለመሆን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ‹እኔ› ብላችሁ ጻፉልን፤ ዛሬ ማታ እስከ 4 ሰዓት ቁጭ ብለን እንመልሳለን። በፈለጋችሁ ጊዜ ማቋረጥ ትችላላችሁ። መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ክፍት ነው።»

የሚፈለገው ሰው ቁጥር አለው፣ የብሩ መጠን አለው፣ የሚደረገው ነገር አንድ ቃል ነው፣ መልስ የሚገኝበት ሰዓትም ተነግሯል። «እኔ» የሚለው ቃል ሌላም ጥቅም አለው፤ ሳምንት ሲያልቅ ውስጥ መስመሩን ከፍታችሁ «እኔ» ያሉትን መቁጠር ትችላላችሁ።

አምስተኛ፦ በሁለት የቀን መቁጠሪያ አቅዱ

ብዙ ዕቅድ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትምህርት የሚጀመረው መስከረም ስለሆነ ሁሉም ማኅበር ጥሪውን ለጳጉሜን ያዘጋጃል። ለአገር ውስጥ ደመወዝተኛ ግን ጳጉሜን ከዓመቱ ሁሉ የከፋ ጊዜ ነው። የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜንን አቋርጦ፣ በዓሉን አሳልፎ፣ የልጅ ምዝገባና ዩኒፎርም ከፍሎ እስከ መስከረም መጨረሻ መድረስ አለበት። በዚያ ሳምንት በወር 200 ብር አዋጡ ብትሉት «ከበዓል በኋላ» ይላችኋል፤ ከበዓል በኋላ ደግሞ ይረሳዋል።

ስለዚህ ለአገር ውስጥ ሰው የሚቀርቡት የጥያቄ ፖስቶች ደመወዝ ከሚወጣበት ጊዜ ጋር ይሂዱ፦ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 5 ባለው ጊዜ ሁለት፣ ከዚያ መስከረም 25 ገደማ ጀምሮ ሁለት። የሐምሌ የመጀመሪያ ሦስት ሳምንታት ሥራውንና ደብተሩን ብቻ አሳዩ፤ ምንም አትጠይቁ። ሰው ያላየውን ነገር አይደግፍም።

ነሐሴ ላይ ከፍልሰታ ጾም ጋር ቡሄ ይመጣል። ነሐሴ 13 አካባቢ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ፣ ፈቃዱ ካለ፣ ለቲክቶክ ራሱን የቻለ ይዘት ነው። በዚያ ቪዲዮ ገንዘብ አትጠይቁ፤ ቴሌግራም ቻናሉን ጠቁሙና ተዉት።

ጳጉሜንና እንቁጣጣሽ ለውጭ አገሮቹ ይሁን። ያኔ ሰው አገሩን የሚያስብበት ጊዜ ነው፤ ደመወዙም በእኛ ወር አይቆጠርም። ሰዓቱን ግን አስተካክሉ። ዋሽንግተን በክረምታችን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ከኅዳር ገደማ ጀምሮ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። እዚህ ቅዳሜ ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ የወጣ ፖስት እዚያ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሰው ቤቱ ቡና እየጠጣ ሳለ ይደርሰዋል። እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት የወጣው ግን እዚያ ሌሊት ነው።

ሥራውን ለማቅለል በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ አንድ ሰንጠረዥ አውጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓምዶች የእኛ ቀንና የፈረንጅ ቀን ይሁኑ፤ የደመወዝና የበዓል ቀን የምታውቁት በመጀመሪያው ነው፣ ፖስቱን ቀድማችሁ የምትቀጥሩት በሁለተኛው። ሐምሌ 1 ማለት ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ማለት ኦገስት 7፣ ጳጉሜን 1 ማለት ሴፕቴምበር 6 ነው። የፌስቡኩን ፖስት በ Meta Business Suite ቀድሞ መቅጠር ይቻላል። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ስትይዙ «Schedule Message» የሚል ይመጣል።

ስድስተኛ፦ የምትቆጥሯቸው አራት ነገሮች

በየሳምንቱ እሑድ ማታ አራት ቁጥር መዝግቡ፤ ስንት ሰው አየው፣ ስንት ሰው ሼር ወይም ኮመንት አደረገ፣ ስንት ሰው በውስጥ መስመር ጠየቀ፣ ስንት ሰው ተመዘገበ። ላይክን መተው ከብዷችሁ ከሆነ መዝግቡት፤ ግን በእሱ ውሳኔ አትወስኑ።

የተሳትፎ መጠን ማለት ካዩት መቶ ሰዎች ስንቱ አንድ ነገር አደረጉ ማለት ነው። በሰንጠረዡ ከሁለቱ የቀን ዓምዶች ቀጥሎ C ዓምድ ያዩት፣ D ሼር፣ E ኮመንት፣ F በውስጥ መስመር የጠየቁ ከሆነ፣ G ዓምድ ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=(D2+E2+F2)/C2*100
```

ይህን ቁጥር ከሌላ ድርጅት ጋር አታወዳድሩት፤ ከራሳችሁ ካለፉት ፖስቶች ጋር አወዳድሩት። አማካይ ሳይሆን መካከለኛውን ቁጥር ተጠቀሙ፤ አንድ ድንገት የተሰራጨ ቪዲዮ አማካዩን ሰቅሎ ሌላውን ሁሉ ደካማ ያስመስላልና።

```
=MEDIAN(G2:G13)
```

ቴሌግራም ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከፖስቱ ሥር የሚታየው የተመልካች ቁጥር ሌሎች ሰዎች ፎርዋርድ ያደረጉትን ኮፒ ያዩትንም ይደምራል። ስለዚህ 300 አባል ያለው ቻናል 700 ተመልካች ቢያሳይ ስህተት አይደለም፤ ወደ ሌላ ግሩፕ ተልኳል ማለት ነው። ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን «አባሎቻችን ሁሉ ያነቡናል» ማለት አይደለም።

ሰው ከየት እንደመጣ ማወቅስ? ለዚህ ሁለት ቀላል ዘዴዎች አሉ። የቴሌግራም ቻናል አስተዳዳሪ ብዙ የመጋበዣ ሊንክ አውጥቶ ለእያንዳንዱ ስም መስጠትና በየትኛው ስንት ሰው እንደገባ ማየት ይችላል። አንዱን ለፌስቡክ፣ አንዱን ለቲክቶክ፣ አንዱን በሩ ላይ ለተለጠፈው ወረቀት አድርጉት። ገንዘቡን ለመለየት ደግሞ መጠኑን ራሱን ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ በቴሌግራም ለሚመጡ «201 ብር»፣ በፌስቡክ ለሚመጡ «202 ብር» ብላችሁ ጻፉ። በቴሌብርም በባንክም ቢላክ የሂሳብ መግለጫው ላይ የመጨረሻዋ ብር ትናገራለች። ሁሉም ሰው አያከብረውም፣ አንዳንዱ 200 ይልካል፤ ስለዚህ ሲመዘገቡ «ስለ እኛ የት ሰሙ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ ሲመሳከሩ በቂ ነው።

ሰባተኛ፦ ቁጥሩ ሲበላሽ ችግሩ የት እንዳለ ማወቅ

በነሐሴ መጨረሻ ሁለት ፖስት ጎን ለጎን አስቀመጥን እንበል። የቡሄው ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ 60,000 ጊዜ ታይቷል፤ 3,000 ላይክ አለው፤ ከእሱ የመጡ ጠያቂዎች 2 ናቸው። የሐምሌ ወር ሂሳብ ከነደረሰኙ የወጣበት የቴሌግራም ፖስት 380 ጊዜ ታየ፤ 14 ሰው ጠየቀ፣ 6ቱ ተመዘገቡ። ቦርዱ የመጀመሪያውን ያጨበጭብለታል። ኪራዩን ለመክፈል የሚረዳን ሁለተኛው ነው።

ቪዲዮው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። በቲክቶክ ሊንክ ወደ ቻናሉ ስንት ሰው እንደገባ ተመልከቱ። 90 ሰው ገብቶ ከሆነ ሥራውን ሠርቷል፤ ያ ሰው የሚቀጥለውን የሂሳብ ፖስት ያያል። 3 ሰው ብቻ ገብቶ ከሆነ ግን ቪዲዮው ተመልካችን አዝናንቶ መልሶታል፤ መጨረሻው ላይ ወደ ቻናሉ የሚጠራ ቃል አልነበረውም ወይም ጥሪው አልታየም።

አራቱ ቁጥሮች በሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ የተበጠሰበትን ቦታ ያሳያሉ። ያየው ሰው ጥቂት፣ የጠየቀው ግን ከቁጥሩ አንጻር ብዙ ከሆነ መልእክቱ ጥሩ ነው፤ ያልደረሰው ሰው ነው የበዛው። ያኔ አዲስ ፖስት ከመጻፍ ይልቅ ነባሮቹ 40 አዋጪዎች ያንኑ ፖስት ለአምስት አምስት ሰው እንዲልኩ በስም ጠይቁ።

ብዙ ሰው አይቶ ማንም ካልጠየቀ ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። ወይ ምን እንደሚደረግ አልተነገረም፣ ወይ ብሩ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም።

ብዙ ሰው ጠይቆ ጥቂት ከተመዘገበ ውስጥ መስመሩን ክፈቱና በሰው ዓይን አንብቡት። ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው መዘግየት ነው፤ ማታ 3 ሰዓት የጠየቀ ሰው በማግሥቱ ከሰዓት መልስ ሲያገኝ ፍላጎቱ በርዷል። የጥያቄ ፖስት የሚወጣው የሚመልስ ሰው ቁጭ ባለበት ማታ ብቻ ነው የምለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ረጅም መልስ ነው፤ «እኔ» ላለ ሰው የማኅበሩን ታሪክ በሦስት አንቀጽ መላክ። አመስግኑት፣ የሂሳብ ቁጥሩንና የሚታየውን ስም ላኩለት፣ ሲልክ ደረሰኙን ስክሪንሾት እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት። ይኸው ነው።

የመጨረሻው መበጠስ ከሁሉም የሚጎዳው ነው፤ ተመዝግቦ የመጀመሪያውን ወር ከፍሎ ሁለተኛውን አለመክፈል። ይህን የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም መለኪያ አያሳያችሁም፤ የገንዘብ ያዡ ደብተር ብቻ ነው የሚያሳየው። በሐምሌ የተመዘገቡ 12 ሰዎች ነሐሴ ላይ ስንቱ ከፈሉ? 7 ከሆኑ አዲስ ሰው ፍለጋውን አቁሙና የሄዱትን 5 ሰዎች ደውላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ስላልፈለጉ ሳይሆን ስለረሱ ነው፤ ከላኩ በኋላም ከእናንተ ምንም ስላልሰሙ። መድኃኒቱ ለአዋጪዎች ብቻ የሆነ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ወር በገባ በ5 ቀን ውስጥ ያለፈው ወር ሂሳብ ከነደረሰኙ እዚያ ይለጠፍ፣ ወሩ ሲያልቅ አንድ ማስታወሻ ይላክ። የከፈለና ያልከፈለ ሰው ስም ዝርዝር ግን በፍጹም አይለጠፍ፤ አንድ ወር የቸገረው ሰው አፍሮ ለዘላለም ይወጣል።

ስምንተኛ፦ የመስከረም 30 ስብሰባ

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሰንጠረዡን በትልቅ ወረቀት አትማችሁ ከገንዘብ ያዡና ከቤቱ ኃላፊ ጋር ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚታየው ግቡ ነው፤ ከ30ው ስንት ተገኘ፣ ከ4ቱ ቤተሰብስ? 22 እና 5 ከሆነ በብር 4,400 እና 5,000 ነው፤ ከ10,000ው 9,400 ተሞልቷል። የአገር ውስጡ ግብ ሳይሞላ የወር ጉድለቱ ሊዘጋ ትንሽ ቀረው ማለት ነው። ለጥቅምት የቀረው ሥራ 3 ሰው መፈለግ ነው።

ከዚያ በየገጹ ሂዱ። በ13 ሳምንት አንድም ጠያቂ ያላመጣና ወደ ቻናሉም ሰው ያልላከ ገጽ ካለ ሌላ ሦስት ወር አትስጡት። የመጨረሻ ፖስት ለጥፉበት፣ «ከዚህ በኋላ የምንገኘው እዚህ ነው» ብላችሁ የቻናሉን ሊንክ አናቱ ላይ ስኩ፣ የይለፍ ቃሉን ከማኅበሩ ሰነድ ጋር አስቀምጡ። ገጹን አታጥፉት፤ ስሙን ባዶ ስትተዉት ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። ለእሱ ይሄድ የነበረው ሰዓት ወደ ውስጥ መስመር መልስ ይዛወር።